የ16 ዓመት ልጅ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ምን ይሥራ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በአዲስ አበባ ዳርቻ ሥራ ለሚፈልግ ልጅ ሕጉ እንቅፋት ነው። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ጉልበት አለው፤ ዕድሜውን በወረቀት መለካት ምን ይጠቅመዋል? ብሎኬት ማምረት እንደ ማዕድን ጉድጓድ አደገኛ ሥራ አይደለም። በቁራጭ የሚከፈለውን ልጅ ከሰባት ሰዓት በላይ አትሥራ ማለት ገቢውን መቁረጥ ነው። ሙያም ቢሆን የሚለመደው በልጅነት ነው። ሕጉ ይከበር ከተባለ እነዚህ ልጆች ጎዳና ይወጣሉ።»

ይህን የጻፉትን ሰው በአካል አላውቃቸውም። ለልጆቹ ተቆርቁረው እንደጻፉ ግን ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። እኔ የግንባታ ሳይት ተቆጣጣሪ ነኝ። ብሎኬት ለማየትና ለማዘዝ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ፣ አልፎም እስከ ገላን ግቢ ለግቢ እዞራለሁ። የተባሉትን ልጆች በየቀኑ ስለማያቸው፣ ነጥቦቹን እንዳሉበት ቅደም ተከተል ልመልስ።

ከዕድሜው ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 15 ሞልቶት 18 ያልዘለለውን ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ ይጠራዋል። እንዲሠራ ይፈቅድለታል፤ የተለየ ጥበቃም ያደርግለታል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወለሉን 14 ላይ አድርጎት ነበር። ጽሑፉ ላይ የተጠቀሰው 14 ምናልባት ከዚያ የቀረ ይሆናል።

ወለሉ 15 የሆነው የልጁን ክንድ ለክቶ አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከትምህርት ጋር ያያይዘዋል። በእኛ አገር ልጅ በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ቢገባና ሳይደግም ቢያልፍ፣ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ 15 ይሆነዋል። በ14 ዓመቱ ብሎኬት ማምረቻ የገባ ልጅ ስምንተኛን ሳይጨርስ ነው የገባው። በማግስቱ ጉልበቱ ቢደክም እንኳ ተመልሶ የሚይዘው ወረቀት የለውም።

ስለ ወረቀት ግን ጸሐፊው የነኩት እውነተኛ ችግር አለ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በመደበኛነት የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከዚያ በፊት ተወልደዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሲወለዱ የተሰጣቸው የልደት ሰርተፍኬት የላቸውም። የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ የሚሰጠው ለ18 ዓመት ሰው ነው። አሠሪው «ስንት ዓመትህ ነው?» ይላል፤ ልጁ «18» ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሆኖም ማጣራት የሚፈልግ ሰው መንገድ አያጣም። የስምንተኛ ክፍል ካርድ አለ። የክርስትና ካርድ አለ። የክትባት ካርድ ያስቀመጠች እናት አለች። ከገጠር ለመጣ ልጅ የተማረበት ትምህርት ቤት ስልክ አለ። ስድስተኛን መቼ እንደጨረሰ መጠየቅ ራሱ ብዙ ይናገራል። እኔ ያየኋቸው አሠሪዎች የሲሚንቶውን ደረሰኝ ይሰበስባሉ፣ የልጁን ካርድ ግን አይጠይቁም።

ወደ አደጋው እንለፍ። ይሄኛውን ረዘም አድርጌ ልሂድበት፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የምናውቀውን ዓይነት ግቢ እንይ። ቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ የብሎኬት ማሽን፣ የፑሚስ ክምር፣ የአሸዋ ክምር፣ የሲሚንቶ መጋዘን። ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሲሚንቶ ከመጋዘን ይወጣል። ከፑሚስና ከአሸዋ ጋር ሚክሰር ውስጥ ይገባል። የተቦካው በአካፋ ወደ ማሽኑ ይሞላል። ማሽኑ እያንቀጠቀጠ ይጨምቀዋል። እርጥቡ ብሎኬት በጣውላ ላይ ሆኖ ተወስዶ ሜዳ ላይ ይደረደራል። በማግስቱ ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ሲጠነክር ይከመራል፤ ደንበኛ ሲመጣ አይሱዙ ላይ ይጫናል።

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ራሱ 50 ኪሎ ላይመዝን ይችላል። ከረጢቱን ተሸክሞ ሃያ እርምጃ ሲሄድ የራሱን ያህል ሰው እንደተሸከመ ቁጠሩት።

ጭነቱን ደግሞ እናስላው። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት እንደ ጥሬ ዕቃው ክብደቱ ይለያያል፤ 15 ኪሎ እንበለው። አንድ አይሱዙ 300 ብሎኬት ጫነ እንበል። ሁለት ልጆች ከታች ሆነው ቢያቀብሉ፣ ለእያንዳንዱ 150 ብሎኬት ይደርሰዋል። 150 ሲባዛ በ15፣ 2,250 ኪሎ ነው። ይህ ከመሬት ተነስቶ ከደረት በላይ የወጣ ክብደት ነው፣ ለአንድ መኪና። ቀን ላይ ሦስት መኪና ቢመጣ ከ6 ቶን በላይ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ገና እያደገ ነው። የአጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል ለስላሳ ነው፤ የሚደጋገም ጫና ይጎዳዋል። ወገቡ «ደህና ነኝ» እያለ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

አዋጁ ለወጣት ሠራተኞች ሊከለከሉ ይገባል ብሎ በስም ከጠራቸው ሥራዎች መካከል ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መሳብና መግፋት ያለበት የዕቃ ማጓጓዝና የመጋዘን ሥራ አንዱ ነው። ማዕድንና ካባም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫና መስመርም፣ የፍሳሽ ቦይና የዋሻ ቁፋሮም እንደዚያው። አዋጁ ራሱ የኪሎ ጣሪያ አልጻፈም። ከዝርዝሩ በላይ ግን አንድ ሰፊ ክልከላ አለው፤ በባሕርዩ ወይም በሚሠራበት ሁኔታ የወጣቱን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ላይ መመደብ አይቻልም። «በሚሠራበት ሁኔታ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ብሎኬት ማምረት የሚል ቃል ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም፣ የግቢው ሁኔታ ራሱ ሥራውን የተከለከለ ሊያደርገው ይችላል።

ሁኔታው ምን ይመስላል? ሚክሰሩና ማሽኑ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ተዘርግቷል። መሬቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። ገመዱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቅጥያ ካለው፣ እዚያ ግቢ ውስጥ በባዶ እግር ወይም በተቀደደ ቦቲ የሚሄድ ማንም ሰው አደጋ ላይ ነው። ሚክሰሩ ማታ ሲጸዳ ደግሞ የሚታዘዘው ትንሹ ሰው ነው፤ ውስጡ ገብቶ መፋቅ የሚችለው እሱ ስለሆነ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ገመዱ ካልተነቀለ አንድ ሰው ሳያይ ሊያበራው ይችላል። እጅ የሚቆረጠው እንዲህ ባለች ደቂቃ ነው።

ሲሚንቶው ራሱም አለ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ክፋቱ ወዲያው አለማመሙ ነው። ቦቲ ውስጥ የገባ ወይም ሱሪውን አልፎ ጉልበቱን የነካ ሊጥ ለሰዓታት ሲቀመጥ ቆዳውን እየበላ ይሄዳል፤ ልጁ የሚያውቀው ማታ ልብሱን ሲያወልቅ ነው። አንድ ልጅ ከሁለቱም ጉልበቶቹ በታች የብር ሳንቲም የሚያካክል ጥቁር ቁስል ይዞ አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ እርጥብ ብሎኬት ሲያስተካክል ነበር። «አላመመኝም እኮ ጋሼ» ነው ያለኝ። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ደግሞ አንዳንዱን ሰው ቆዳው እንዲጠላው ያደርገዋል። ያ አንዴ ከመጣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም፤ በ16 ዓመቱ የያዘው ልጅ በግንበኝነትም በፕላስተርም ሥራ መኖር ይቸግረዋል።

ስለዚህ የማዕድን ጉድጓድ አለመሆኑ ብቻ አያድነውም።

አሁን ሰዓቱ። ጸሐፊው ያነሱት የገቢ ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው፤ በቁጥር ነው መመለስ ያለበት።

ለአዋቂ ሠራተኛ የቀን መደበኛ ሥራ 8 ሰዓት ነው። ለወጣት ሠራተኛ ከ7 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ለወጣት ሠራተኛ የለም፤ «እከፍለዋለሁ» ማለት አይፈታውም። በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራትም ክልክል ነው።

የብሎኬት ማምረቻ ክፍያ ብዙውን ጊዜ በቡድን ቁራጭ ነው። የተመረተው ይቆጠራል፤ ገንዘቡን ቡድኑ ይካፈላል። ልጁ ሙሉ ድርሻ አያገኝም። እንዲህ እንበል። አራት ሰዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት፣ የምሳ አንድ ሰዓት ተቀንሶ 11 ሰዓት ሠሩ። 900 ብሎኬት አወጡ። በአንዱ 2 ብር ቢታሰብ 1,800 ብር ነው። ሦስቱ አዋቂዎች 500፣ 500 ወሰዱ፤ ልጁ 300 ደረሰው። የአዋቂው ሰዓት ወደ 45 ብር ወጣ። የልጁ ሰዓት 27 ብር ገደማ ነው። ልጁ በአዋቂው ሒሳብ 7 ሰዓት ብቻ ቢሠራ ኖሮ 318 ብር ያገኝ ነበር። ዋጋዎቹን እኔ ለምሳሌ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገብታችሁ አስሉት። ገቢውን የቆረጠው ድርሻው ነው። የሰዓት ገደቡን ከመክሰስ በፊት ድርሻውን መጠየቅ ይቀድማል።

የቡድን ቁራጭ ሌላም ጣጣ አለው። ልጁ 9 ሰዓት ላይ ቢደክመው መሄድ አይችልም። እሱ ከቆመ የሁሉም ገቢ ይቀንሳል። ታላላቆቹ ይቆጡታል፤ እንጀራቸው ነውና አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ወጣት ሠራተኛን ከቁራጭ ቡድን አውጥቶ በቀን ሒሳብ መክፈል የሰዓት ገደቡን ለማክበር የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ማታውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወጣት ሠራተኛን ማሠራት የተከለከለ ነው። እኛ ሰፈር ቀን መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ማታ ሲመጣ «እናካክስ» ይባላል። ያ ማካካሻ አራት ሰዓትን ካለፈ ልጁ እዚያ መገኘት የለበትም። ከዚህ የባሰው ግን የማይታየው ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ ማደሪያ ስለሌለው ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ቤት ያድራል። አሠሪው «ማደሪያ ሰጠሁት» ይላል። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ተነስቶ ሲሚንቶውን የሚያየው ማን ነው? ልጁ ነው። ይህ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ክፍያ የሌለው የሌሊት ሥራ። የሚለየውም ቀላል ነው። ጠዋት አንድ ከረጢት ቢጎድል ማን ይጠየቃል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ልጁ ከሆነ ልጁ ዘበኛ ነው።

ስለ ሙያ አጭር ነገር ልበል። ሕጉ የሙያ ልምምድን አልዘጋም። ከ15 ዓመት ጀምሮ የተለማማጅ ውል ይፈቅዳል፤ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ምን እንደሚማር፣ ለስንት ጊዜ፣ በልምምዱ ጊዜ ስንት እንደሚከፈለው፣ የሥራው ሁኔታ ምን እንደሆነ ይጻፍበታል። ሁለት ዓመት ሲሚንቶ የተሸከመ ልጅ የለመደው መሸከም ነው። የቦካውን እርጥበት በእጁ ጨብጦ የሚያውቅ፣ ውህዱን የሚመጥን፣ ማሽኑ ስንት ሰከንድ መንቀጥቀጥ እንዳለበት የሚለይ ከሆነ ሙያ አለው። ከተከለከሉት ሥራዎች አዋጁ ልዩ ሁኔታ የሚያደርገው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በሚመለከተው አካል በጸደቀና ቁጥጥር በሚደረግበት የሙያ ትምህርት ቤት ኮርስ የሚከታተሉ ወጣቶች ትምህርቱ የሚጠይቀውን ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። የቆርቆሮ አጥር ግቢ ትምህርት ቤት አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ጎዳናው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ልጆቹን በጓሮ አስወጥቶ፣ ሲሄድ መልሶ ማስገባት ወይም እስከነጭራሹ ማባረር ማንንም አይጠቅምም። ከ15 በታች ላሉት ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ስምምነት ቁጥር 138 አገሮች ለትንንሽ ልጆች ትምህርት የማይነካ ቀላል ሥራ በሕጋቸው እንዲፈቅዱ ዕድል ይሰጣል። የእኛ አዋጅ ያንን በር አልከፈተም። ስለዚህ የ13 ዓመቱ ልጅ በቅጥር ግቢው ውስጥ አይገባም፤ የሚሄደው ትምህርት ቤት ነው፤ ችግሩ የቤተሰቡ ገቢ ከሆነ መቀጠር ያለበት ቤተሰቡ ውስጥ ያለው አዋቂ ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። አባት በቁራጭ ይቀጠራል፤ የ12 ዓመት ልጁን ይዞ ይመጣል። ልጁ ስሙ የትም አይጻፍም፣ የሠራው በአባቱ ስም ይቆጠራል። አሠሪው «እኔ አልቀጠርኩትም» ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ግን ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ ላይ እንዳይገደድ ብቻ ሳይሆን እንዳይፈቀድለትም ይላል። ግቢው የአሠሪው ነው፤ ማሽኑ የእሱ ነው፤ የብሎኬቱ ሽያጭም የእሱ ነው። አይቶ ዝም ማለት መፍቀድ ነው።

«ይሄ የአዲስ አበባ ሕግ ነው፣ እኛ ሸገር ከተማ ነን» የሚሉም ገጥመውኛል። ዳርቻው ላይ አንዱ ግቢ በአዲስ አበባ ሥር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው በሸገር ከተማ ሥር ሊሆን ይችላል። የሚሄዱበት ቢሮ ይለያያል። አዋጁ ግን የፌዴራል ነው፤ በመንገዱ በሁለቱም በኩል ያው ነው።

እና የ16 ዓመቱ ልጅ ምን ይሥራ? ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኝ ነበር፤ መልስ አለውና።

ብሎኬት የሚጠነክረው በፀሐይ ደርቆ አይደለም። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው የሚጠነክረው፤ ለዚያ ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት። አብዛኛው ግቢ ውስጥ ችላ የሚባለው ሥራ ይሄ ነው። ሁሉም በቁራጭ ስለሚከፈለው ውሃ ለማጠጣት ማንም ማሽኑን አይለቅም። ለዚህ ነው ሳይት ላይ ስናወርደው ጠርዙ የሚፈረፍረው፣ በሚስማር ስንፍቀው እንደ ዱቄት የሚረግፈው።

ይህን ሥራ ለወጣቱ ስጡት። ጠዋት ከ1 እስከ 5 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ሰዓት፤ 7 ሰዓት ሞላ። በጎማ ውሃ ያጠጣል። በየረድፉ የተመረተበትን ቀን በጠመኔ ይጽፋል። ፀሐይ ሲበረታ በላስቲክ ይሸፍናል። ተሰባሪውን ለይቶ በደብተር ይመዘግባል፤ የደረቀ ጣውላ በጓንት ይፍቃል። ማሽኑ አጠገብ አይደርስም፣ ከረጢት አያነሳም፣ መኪና አይጭንም። ቅዳሜን ቢሠራ እንኳ እሁድ ያርፋል። 11 ሰዓት ላይ ስለሚወጣ የማታ ትምህርት ይደርሳል። ክፍያው በቀን ሒሳብ ነው፤ አሠሪው የሚያወጣው ወጪም ከመሰበር በሚድነው ብሎኬት ተመልሶ ይመጣል።

እኛ ገዢዎችም ድርሻ አለን። እኔ አሁን ትዕዛዝ ስጽፍ ሁለት መስመር እጨምራለሁ። አንደኛው፣ ብሎኬቱ ሰባት ቀን ውሃ የጠጣ ይሁን፣ ቀኑም በጠመኔ ይጻፍበት። ሁለተኛው፣ መጫንና ማውረድ ላይ ከ18 ዓመት በታች ሰው አይኑር። ሁለተኛውን ያላከበረ መኪና ሳይታችን በር ላይ ይቆማል፤ አውራጅ ከእኛ ወገን ይመደባል፣ ሒሳቡም ከሻጩ ይቀነሳል።